ከማሰሪያው ወደ ኋላ

«ባለፈው ሳምንት ከጎንደር የመጣችው አክስቴ ያመጣችልንን ማር እናቴ ሳታየው ትንሹ ወንድሜ ጨረሰው።»

አማርኛ የሚናገር ሰው ይህን አንዴ ሰምቶ ይረዳዋል። ክፍሎቹን ለይተህ አውጣ ሲባል ግን ነገሩ ይከብዳል። ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት እንደለመድነው ከመጀመሪያው ቃል እንጀምራለን፤ «ባለፈው» ምንድን ነው? «ሳምንት» ስም ነው፤ «ከጎንደር» ደግሞ... እያልን አራተኛው ቃል ላይ ስንደርስ የመጀመሪያው ከማን ጋር እንደሚሄድ ጠፍቶብናል። አክስቴ ባለቤት ናት ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ጥቂት አይደለም። ዐረፍተ ነገሩ ግን ስለ አክስት አይደለም፤ ስለ ወንድም ነው።

ችግሩ የተማሪው ስንፍና ሳይሆን የተነሣበት አቅጣጫ ነው። በአማርኛ ገላጭ ከተገላጭ፣ ጥገኛ ከዋናው ይቀድማል። ቤቱ ትልቅ ከሆነ «ትልቅ ቤት» እንላለን እንጂ «ቤት ትልቅ» አንልም። የመጣ ሰው ካለ «የመጣው ሰው» ነው። ምክንያት ካለ ምክንያቱ መጀመሪያ ይነገርና የሆነው ነገር በኋላ ይመጣል። የነገሩ ሁሉ ራስ ወደ መጨረሻው የሚገኝ ስለሆነ ዐረፍተ ነገሩን ከፊት ወደ ኋላ የሚበትን ሰው ገና ያላየውን ነገር ገላጭ በእጁ ይዞ ይቆያል። ከመጨረሻው ግስ፣ የቀደሙት መምህራን ማሰሪያ አንቀጽ ከሚሉት፣ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚሄድ ግን እያንዳንዱን ክፍል ከነባለቤቱ ያገኘዋል።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት የቃል ክፍሎቹን በምን እንደምንለይ እንስማማ።

ቃሉ ምን ይላል ሳይሆን ምን ይቀበላል

በቆየው የትምህርት ቤት ሰዋስው፣ ለምሳሌ በመርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ መጽሐፍ፣ የቃል ክፍሎች 8 ናቸው፤ ስም፣ ተውላጠ ስም፣ ቅጽል፣ ግስ፣ ተውሳከ ግስ፣ መስተዋድድ፣ መስተጻምርና ቃለ አጋኖ። ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. በታተመው «የአማርኛ ሰዋስው» ወደ 5 አወረዷቸው፤ ስም፣ ግስ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግስና መስተዋድድ። ተውላጠ ስም ከስም ጋር፣ መስተጻምር ከመስተዋድድ ጋር ተጠቃለለ። ቃለ አጋኖ ከሌሎች ቃላት ጋር ተዋቅሮ ሐረግ ስለማይመሠርት ከቁጥር ወጣ።

ከቁጥሩ ይልቅ ትልቁ ልዩነት መለያው ላይ ነው። «ግስ ድርጊትን የሚያመለክት ቃል ነው» የሚለውን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። «ሩጫ» ድርጊት አይደለም? «ስርቆት»ስ? ሁለቱም ስም ናቸው። በአንጻሩ «ነው» እና «አለ» ምንም ድርጊት አያሳዩም፤ ግን ግስ ናቸው። በትርጉም ከመለየት ይልቅ ቃሉ ምን ዓይነት ቅጥያ እንደሚቀበልና የት እንደሚቆም ማየት ይሻላል። ግስ ማን እንደሆነ በራሱ ላይ ይናገራል፤ ጨረስኩ፣ ጨረስሽ፣ ጨረሱ። «ሩጫ» ይህን አያደርግም፤ እሱ የሚቀበለው «ሩጫዎች»፣ «ሩጫን»፣ «ከሩጫ» የሚሉትን ነው፤ ስለዚህ ስም ነው። ቅጽል «በጣም»ን ከፊቱ ያስቀድማል፤ በጣም ረጅም እንላለን፣ በጣም ወንበር አንልም። ብዙዎቹ ቅጽሎች ሲበዙ ደግሞ ውስጣቸውን ይደግማሉ፤ ትልልቅ፣ ረጃጅም፣ ጥቋቁር፣ አዳዲስ።

ድንበሩ ሁልጊዜ ጥርት ያለ አይደለም። «ድሃ» በ«በጣም ድሃ ነው» ላይ ቅጽል፣ በ«ድሆች ተሰበሰቡ» ላይ ስም ሆኖ ይሠራል። ቃሉን ለብቻው አውጥቶ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ መልስ የሌለው ጥያቄ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ተውሳከ ግስ በአማርኛ እጅግ ጥቂት ነው፤ ቶሎ፣ ገና፣ ክፉኛ፣ ምንኛ እያልን የምንቆጥራቸው ብዙም ሳይርቁ ያልቃሉ። ቀሪውን ሥራ ሌሎች ይሠሩታል። «በፍጥነት» መስተዋድድና ስም ነው። «ቀስ ብላ ገባች» ውስጥ ያለው «ብላ» ግስ ነው፤ ለዚህም ማስረጃው ከባለቤቱ ጋር መለዋወጡ ነው፤ ቀስ ብዬ ገባሁ፣ ቀስ ብለው ገቡ። እውነተኛ ተውሳከ ግስ እንዲህ አይለዋወጥም፤ ቶሎ ገባች፣ ቶሎ ገባሁ፣ ቶሎ ገቡ።

ግሱ የያዘው

አሁን ወደ ማሩ እንመለስ። የመጨረሻው ቃል «ጨረሰው» ነው። ይህ አንድ ቃል ብቻውን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ጨራሹ አንድ ወንድ እንደሆነ፣ የተጨረሰውም አንድ የታወቀ ነገር እንደሆነ ይነግረናል። ከዚህ በኋላ የሚቀረን ሁለት ጥያቄ ነው፤ ማን ነው የጨረሰው? ምኑን ነው የጨረሰው?

ማን ለሚለው፣ ሴት የሆነ ሁሉ ከመጀመሪያው ይወድቃል። አክስቴም እናቴም ሴት ናቸው፤ ባለቤት ቢሆኑ ኖሮ ግሱ «ጨረሰችው» ይል ነበር። የሚቀረው «ትንሹ ወንድሜ» ነው። ባለቤትን በቦታው ሳይሆን በግሱ መፈለግ የሚያዋጣው ቦታው ስለሚያሳስት ነው። «ልጅቷን ውሻው ነከሳት» ስንል ልጅቷ ከፊት መጣች እንጂ ባለቤት አልሆነችም፤ «‑ን» ተሳቢ መሆኗን ይናገራል፣ በግሱ ላይ ያለው «‑ኣት»ም ወደ እሷ ይጠቁማል።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የሚስትበት ነገር አለ። «እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ባለቤቱ ማን ነው? አብዛኛው ሰው «እኔ» ይላል። ግሱ ግን «አሉ» ነው፤ የተስማማውም ከልጆቹ ጋር ነው። «አንድ ልጅ አለኝ» ብንል ወዲያው ወደ ነጠላ ይለወጣል፤ እኔ ግን አልተለወጥኩም። በሰዋስው ዐይን ልጆቹ ባለቤት ናቸው፤ እኔ በ«‑ኝ» የተጠቀስኩ ነኝ። «ራበኝ»፣ «በረደኝ»፣ «አመመኝ» ላይም የሚራበው፣ የሚበርደውና የሚያመው ሰው የሚገኘው ተሳቢ በሚገኝበት ቦታ ነው።

ግስ ከተሳቢውና ከሌሎች አጃቢዎቹ ጋር ሲሆን ግሳዊ ሐረግ ይባላል። «ማሩን» እና «ጨረሰው» አንድ ላይ እንደሚቆሙ ለማወቅ በአንድ ነገር ተኩአቸው፤ «ወንድሜ ማሩን ጨረሰው፤ እህቴም እንዲሁ አደረገች»። «እንዲሁ አደረገች» የተካው ግሱን ብቻ ሳይሆን ተሳቢውንም ጭምር ነው። ባለቤቱን ግን አልተካም፤ እህት በራሷ መጥታለች። ባለቤቱ ከግሳዊ ሐረጉ ውጭ፣ ተሳቢው ውስጥ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

«የአልማዝን ቤት አየሁ»

ምኑን ጨረሰው? ማሩን። ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ግን «ማሩን» የሚል ቃል የለም፤ «ማር» ብቻ ነው ያለው። ተሳቢን የሚያመለክተው «‑ን» የት ሄደ?

ከርዕሱ ጀምረን እንየው። «የአልማዝን ቤት አየሁ» ስንል «‑ን» የተለጠፈው አልማዝ ላይ ነው። ታዲያ የታየችው አልማዝ ናት? አይደለችም፤ የታየው ቤቷ ነው። ይህን ለማረጋገጥ በግሱ ላይ ተሳቢውን አምጡበት፤ «የአልማዝን ቤት አየሁት» ይባላል እንጂ «አየኋት» አይባልም። ፈተና ላይ «ተሳቢውን አስምርበት» ተብሎ አልማዝ ሥር የሚያሰምር ተማሪ ምልክቱን በትክክል አይቷል፤ የጎደለው ምልክቱ የሚያርፍበትን ደንብ ማወቅ ነው።

ደንቡ ይህ ነው። ስማዊ ሐረግ ራሱ የሆነውን ስም መጨረሻው ላይ ያስቀምጣል። ሐረጉ የታወቀ መሆኑን የሚያመለክተው «‑ኡ» (ወይም «‑ው»፣ «‑ዋ»፣ «‑ኢቱ») እና ተሳቢ መሆኑን የሚያመለክተው «‑ን» ግን በስሙ ላይ አይቀመጡም፤ ገላጭ ካለ ወደ ፊት ሄደው በመጀመሪያው ገላጭ መጨረሻ ላይ ያርፋሉ። ቤቱን፣ ትልቁን ቤት፣ በጣም ትልቁን ቀይ ቤት። በመጨረሻው ምሳሌ «‑ን» ከመጀመሪያው ቃል ከ«በጣም» ጋር እንዳልሄደ ልብ በሉ። «በጣም ትልቅ» አንድ ላይ አንድ ገላጭ ስለሆነ ምልክቱ የተቀመጠው በዚያ ገላጭ ጫፍ ላይ ነው። «ትልቁን ቀዩን ቤት» ብሎ የሚደግምም አለ፤ ስሙ ግን ባዶውን መቅረቱ አይለወጥም።

ይህ ደንብ ለሚያነብ ሰው ትልቅ ጥቅም አለው። «‑ን» ያለበት ቃል ስትደርሱ ተሳቢው አልቋል ማለት ላይሆን ይችላል፤ የተሳቢው ስም ገና ከፊታችሁ ሊሆን ይችላል።

አሁን የጠፋው «‑ን» ይገኛል። «ያመጣችልንን ማር» በሚለው ውስጥ ሁለት ን‑ዎች ተከታትለዋል። የመጀመሪያው የ«ልን» ነው፤ ለእኛ ማለት ነው። ሁለተኛው የማሩ ነው። ማሩ ገላጭ ስላለው ምልክቱን ለገላጩ ሰጥቶ ባዶውን ቀርቷል። ገላጩ ደግሞ አንድ ቃል አይደለም፤ «ባለፈው ሳምንት ከጎንደር የመጣችው አክስቴ ያመጣችልን» የሚለው በሙሉ ነው፤ «‑ን» የተቀመጠውም በዚህ ረጅም ገላጭ ጫፍ ላይ ነው።

ስማዊ ሐረግ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ሲያጠራጥር በተውላጠ ስም መተካት ነው። «ከጎንደር የመጣችው አክስቴ» የሚለውን በ«እሷ» ብንተካው «እሷ ያመጣችልንን ማር ትንሹ ወንድሜ ጨረሰው» ይሆናል፤ ያስኬዳል። «አክስቴ ያመጣችልንን» የሚለውን ብቻ ቆርጠን በአንድ ቃል ልንተካ ብንሞክር ግን «የመጣችው» የሚይዘው አጥቶ ይንጠለጠላል። ቀጥለን ሁሉንም እስከ «ማር» ድረስ በ«እሱን» ብንተካው የሚቀረው «እሱን እናቴ ሳታየው ትንሹ ወንድሜ ጨረሰው» ነው። ሰባቱ ቃላት በአንድ ቃል ተተኩ፤ ስለዚህ አንድ ሐረግ ነበሩ።

አስክዱት

ከአምስቱ ግሶች ዋናው የትኛው እንደሆነ፣ ጥገኞቹ የትኞቹ እንደሆኑ የምናውቅበት ከሁሉ የሚታመነው ፈተና ግሱን ወደ አሉታ መለወጥ ነው። ጥሩ ተናጋሪ ሁሉ ሳይማር ያውቀዋል።

«ጨረሰው» ወደ አሉታ ሲዞር «አልጨረሰውም» ይሆናል። ከፊት «አል‑»፣ ከኋላ «‑ም»። «የመጣችው» ሲዞር ግን «ያልመጣችው» ነው፤ ከኋላ «‑ም» የለም። «ያመጣችልን» ሲዞር «ያላመጣችልን»፤ አሁንም «‑ም» የለም። «ያልመጣችውም» ብንል «እሷም» እንደማለት የ«ደግሞ» ትርጉም ይመጣል እንጂ አሉታው አይጠናከርም። «ሳታየው» ራሱ አሉታ ነው፤ «‑ም» አልያዘም። ጥገኛ ግስ በአሉታ «‑ም»ን አይሸከምም፤ ዋናው ይሸከማል። ስላልመጣ፣ እንዳልሰማ፣ ካልበላ፣ እንዳይሄድ፣ ሳይነግረኝ፤ የፈለጋችሁትን ያህል ብትደረድሩ ዐረፍተ ነገሩ አይዘጋም፤ ሰሚው «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላችኋል።

ግሱ የአሁን ወይም የወደፊት ሲሆን ሁለተኛ ምልክት አለ። ዋናው ግስ መጨረሻው ላይ «‑ኣል» አለው፤ ይመጣል፣ ትመጣለች፣ እመጣለሁ። ጥገኛ ሲሆን ይጥለዋል፤ ሲመጣ፣ እንድትመጣ፣ የምመጣው። «ሲመጣል» የሚል አማርኛ የለም።

ፈተናው የሚያስቸግርባቸው ቦታዎች አሉ፤ ሁለቱ ማየት ይገባቸዋል። አንደኛው ትእዛዝ ነው። «አትሂድ»፣ «አይምጣ» ዋና ግሶች ሆነው ሳለ «‑ም» የላቸውም። ትእዛዝን ግን ማንም ከጥገኛ ጋር አያደባልቀውም። ሁለተኛው የሰውን ቃል ስንጠቅስ ነው። «አልሄድም አለ» ውስጥ «አልሄድም» ከነ«‑ም»ው አለ፤ ዋናው ግስ ግን «አለ» ነው። እዚህ የሆነው አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳይነካ በሌላ ዐረፍተ ነገር ውስጥ መግባቱ ነው። ይህን ከ«አልሄድ አለ» ጋር አስተያዩት። የመጀመሪያው ሰውየው የተናገረውን ነው የሚነግረን፤ ሁለተኛው እንቢ ማለቱን ነው፤ አፉን ከፍቶ ምንም ላይናገር ይችላል። አልነሣ ያለ መኪና፣ አልከፈት ያለ በር፣ አልወስድ ያለ እንቅልፍ የሚባለው በዚህኛው መንገድ ነው። መኪና አይናገርም፤ ስለዚህ «‑ም» ጠፋ።

ጽሕፈታችን የማያሳየው ነገርም አለ። «አልመጣም» ተብሎ የተጻፈው «ጣ» ጠብቆ ሲነበብ እሱ አልመጣም ማለት ነው፤ ላልቶ ሲነበብ እኔ አልመጣም ማለት ነው። «አልመጣም ብሎ ቀረ» የሚለውን ስናነብ ሳናውቀው «ጣ»ን የምናላላው ጥቅሱ የተናጋሪው ቃል መሆኑን ስለምናውቅ ነው።

ይኸው ፈተና «‑ና»ን ደግሞ በቦታው ያስቀምጥልናል። «ዝናብ ይዘንባልና ጃንጥላ ያዝ»፤ «አልመጣምና አትጠብቁት»። ትርጉሙ ምክንያት ስለሆነ «ስለ»ን ይመስላል። ግን «ይዘንባልና» ላይ «‑ኣል» አለ፣ «አልመጣምና» ላይም «‑ም» አለ። በቅርጹ ግሱ ጥገኛ አልሆነም፤ «‑ና» ሁለት ዋና ዐረፍተ ነገሮችን አያይዟል እንጂ አንዱን ከሌላው ሥር አላስገባም። «ስለሚዘንብ ጃንጥላ ያዝ» ብንል ግን «‑ኣል» ወዲያው ይወድቃል።

ቦዝ አንቀጽ የሚባለው፣ «በልቶ ሄደ» ላይ ያለው «በልቶ»፣ ከሁሉም ይለያል፤ የራሱ አሉታ የለውም። «አልበልቶ» አይባልም፤ «ሳይበላ ሄደ» ብለን ሌላ ቅርጽ እንዋሳለን። የራሱ አሉታ ስለሌለውም የዋናው ግስ አሉታ ወደ እሱ ይፈስሳል። «ቁርሱን በልቶ አልሄደም» ሲባል ሳይበላ መሄዱን የሚረዳ ብዙ ነው፤ መሄዱ እውነት ሆኖ የተካደው መብላቱ ነው። «ቁርሱን ስለበላ አልሄደም» ስንል ግን መብላቱ አይነካም፤ በልቷል፣ የቀረው መሄዱ ነው።

የተደበቀው «የ»

«ባለፈው» ግስ ነው ብዬ ሳልፍ የተጠራጠረ አንባቢ ይኖራል። ያለፈው ሳምንት፣ ማለትም አልፎ የሄደው ሳምንት፤ «ያለፈው» «ሳምንት»ን የሚገልጽ ጥገኛ ነው። ከፊቱ «በ» ሲመጣ «የ» ቦታውን ይለቅና «ባለፈው» ይሆናል። በአሉታ «ባላለፈው» ማለት ይቻላል፤ ትርጉሙ ቢያስቅም ቅርጹ ግስነቱን ያሳያል። «የ» ከሌላ መስተዋድድ ጋር አብሮ አይቆምም። «የመጣው እንግዳ» ከ«ለ» ጋር ሲሆን «ለመጣው እንግዳ»፣ ከ«ከ» ጋር «ከመጣው እንግዳ»፣ ከሌላ «የ» ጋር ደግሞ «የመጣው እንግዳ ሻንጣ» ነው፤ ሁለት «የ» ሊኖር ሲገባ አንዱ ብቻ ተሰማ።

ይህ መደበቅ ጥገኛ ዐረፍተ ነገሮችን ያደባልቃል። «ከመጣ እነግረዋለሁ» ላይ «ከ» ራሱ ግሱን ይዞ ሁኔታ ይናገራል፤ ቢመጣ ማለት ነው። «ከመጣው ሰው ጋር ተነጋገርኩ» ላይ ግን «ከ» የያዘው ግሱን አይደለም፤ የያዘው «ሰው»ን ነው፤ በመካከል ያለው «መጣው» «የ»ን ያጣ ገላጭ ነው። የሚለያቸው «‑ው» እና ከኋላ የሚመጣው ስም ናቸው። «‑ው» በሌለበት፣ ለምሳሌ «ከመጣ ሰው ሁሉ ጋር» ሲባል፣ የሚረዳን ስሙን ተከትሎ የመጣው «ጋር» ብቻ ነው።

«ስለ»ም «ስለ ልጁ አወራን» ላይ ስም፣ «ስለዘነበ ቀረን» ላይ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይዟል። የቀደመው ሰዋስው የመጀመሪያውን መስተዋድድ፣ ሁለተኛውን መስተጻምር ይለዋል። ባዬ ሁለቱንም መስተዋድድ ማለታቸው የሚያሳምነኝ ቃሉ አንድ ሆኖ የተለወጠው ያስከተለው ነገር ስለሆነ ነው።

«እናቴ ሳታየው» የሚለው ጥገኛ ስምን ሳይሆን «ጨረሰው»ን ነው የሚገልጸው። እዚህ ሰዋስው ብቻውን የማይፈታው ነገር አለ፤ እናቴ ያላየችው ማሩን ነው ወይስ ልጁን? «‑ው» ለሁለቱም ይሆናል። ጨራሿ እህቴ ብትሆን ኖሮ «ሳታያት» ከተባለ እህቴን፣ «ሳታየው» ከተባለ ማሩን መሆኑ ይለይ ነበር።

«ትናንት» የማን ነው?

ይህ ሁሉ በቤት ውስጥ ወሬ ላይ ብዙም አያስቸግርም፤ ያልገባው መልሶ ይጠይቃል። በዜና ላይ ግን ጠያቂ የለም። የዜና አማርኛ የሚወደው ዐረፍተ ነገር እንዲህ ነው፤

«ትናንት በአደጋው የተጎዱት ሰዎች ወደ ሆስፒታል መወሰዳቸውን ፖሊስ አስታወቀ።»

ከመጨረሻው እንነሣ። ዋናው ግስ «አስታወቀ»፤ አሉታው «አላስታወቀም»። አስታዋቂው ፖሊስ። ያስታወቀው ምኑን? «‑ን» ያለበት «መወሰዳቸውን» ነው። ይህ ቃል ሁለት ጠባይ አለው። «‑ን» ተቀብሏል፣ «መወሰድ» ተብሎም ብቻውን ይቆማል፤ ይህ ስምነቱ ነው። ግን «ወደ ሆስፒታል» የሚል አጃቢ ይዟል፣ «‑ኣቸው» ብሎም የተወሰዱትን ይጠቁማል፤ ይህ ግስነቱ ነው። አሉታው ሦስተኛ ዓይነት ነው፤ «አለመወሰዳቸውን»። አልተወሰዱም፣ ስላልተወሰዱ፣ አለመወሰዳቸው፤ አንዱ ዋና ግስ፣ አንዱ ጥገኛ፣ አንዱ ወደ ስም የዞረ ግስ መሆኑን አሉታው ብቻ ይነግረናል። በዚህ ትልቅ ስማዊ ሐረግ ውስጥ ደግሞ «በአደጋው የተጎዱት ሰዎች» የሚል ሌላ ስማዊ ሐረግ፣ በእሱ ውስጥ «በአደጋው የተጎዱት» የሚል ጥገኛ አለ።

ሦስት ግሶች አሉ፤ «ትናንት» ደግሞ ከሁሉም ፊት ተቀምጧል። ትናንት የተጎዱ ናቸው? ትናንት የተወሰዱ? ወይስ ፖሊስ ትናንት አስታወቀ? ሦስቱም ትክክለኛ ንባብ ናቸው። ጥገኛው ከዋናው ስለሚቀድም የሦስቱም ዐረፍተ ነገሮች የፊት በር አንድ ላይ ተደራርቧል፤ እዚያ የተቀመጠ ቃል የማንኛቸውም ሊሆን ይችላል።

የማስታወቁ ቀን ከሆነ «ፖሊስ ትናንት አስታወቀ» ማለት ይበቃል፤ ከ«መወሰዳቸውን» በኋላ የመጣ ቃል ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ተዘጋው ሐረግ አይገባም። የመወሰዱ ቀን ከሆነ «ወደ ሆስፒታል ትናንት መወሰዳቸውን» ይባላል። የመጎዳታቸው ቀን ከሆነ ግን ቦታ መለወጡ ብቻ አስተማማኝ አይደለም፤ «የተጎዱት» ከሁሉ ፊት ስላለ «ትናንት»ን ከእሱ ወደ ኋላ ማሳለፍ አይቻልም። ያኔ የሚሻለው ቃሉን ከግስ አላቅቆ የስም ገላጭ ማድረግ ነው፤ «በትናንቱ አደጋ የተጎዱት ሰዎች»። «‑ኡ» «ትናንት» ላይ አርፎ ከ«አደጋ» ጋር ስላሰረው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ግስ ሁሉ ሊወስደው አይችልም።